ፐርሰንቱ ከምን ላይ ነው? የቅጥር ማጣሪያ ፈተና ቁጥራዊ ክፍል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅት ሥራ አመልክታችሁ የጽሑፍ ፈተና ለምትጠብቁ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ከአጠገባችሁ ብታደርጉ መልካም ነው። ጥቂት ቁጥሮች እናገራለሁ፤ እናንተም እየጻፋችሁ አብረን እንሠራለን። ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ግን ለጊዜው ተዉት። ብዙ የፈተና አዳራሾች ስልክ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ያለ ካልኩሌተር መሥራትን ከአሁኑ መልመድ ያስፈልጋል።

አንድ ባንክ ለጀማሪ ባለሙያዎች ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጣ ከቦታው ቁጥር እጅግ የበዛ ምሩቅ ያመለክታል። ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ጠርቶ ቃለ መጠይቅ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ቀን ይፈትኑና ከላይ ካሉት ጀምረው በቅደም ተከተል ይጠራሉ። ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በሥነ ልቦና ባለሙያው በሮበርት የርክስ የተመራ ቡድን ምልምል ወታደሮችን በጅምላ የሚለይ አጭር ፈተና አዘጋጅቶ ነበር። አርሚ አልፋ ይባላል። በውስጡ የሒሳብ ጥያቄና የቁጥር ተከታታይ ነበረበት፤ ጊዜውም በጣም አጭር ነበር። ዛሬ ቀጣሪዎች የሚሰጡት አፕቲትዩድ ከዚያ ብዙም አልራቀም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ የተቀመጣችሁ ሁሉ የአፕቲትዩዱን ወረቀት ስለምታስታውሱ ዓይነቱ ለእናንተ እንግዳ አይደለም።

ከዚህ ፈተና ዛሬ አንዱን ክፍል ብቻ እንይ፤ ሠንጠረዥ ሰጥቶ ስለ ፐርሰንት የሚጠይቀውን። ሒሳቡ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አይዘልም። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል ብቻ ነው። ሆኖም በሒሳብ ጥሩ ውጤት ይዘው የተመረቁ ሰዎች ይስቱታል። ለምን እንደሚስቱት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ላሳያችሁ።

(አጭር የሙዚቃ ማረፊያ)

እንግዲህ ጻፉ። ለመለማመጃ ያዘጋጀሁት ነው። አንድ ባንክ ሦስት ቅርንጫፎች አሉት፤ ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። ቁጥሮቹ የተቀማጭ ገንዘብ ናቸው፣ በሚሊዮን ብር።

ቅርንጫፍ ሀ፦ በ2015 ዓ.ም. 40፣ በ2016 ዓ.ም. 50።
ቅርንጫፍ ለ፦ በ2015 ዓ.ም. 80፣ በ2016 ዓ.ም. 92።
ቅርንጫፍ ሐ፦ በ2015 ዓ.ም. 60፣ በ2016 ዓ.ም. 54።

ልድገመው። ሀ ከ40 ወደ 50። ለ ከ80 ወደ 92። ሐ ከ60 ወደ 54።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በፐርሰንት ሲታይ ከፍተኛውን ዕድገት ያስመዘገበው የትኛው ቅርንጫፍ ነው?

ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ልዩነቱን ብቻ ያያል። ሀ በ10 ሚሊዮን አደገ፣ ለ ደግሞ በ12 ሚሊዮን። 12 ይበልጣልና ለ ነው ብሎ ያጠቁራል። ነገር ግን የተጠየቀው በብር ሳይሆን በፐርሰንት ነው። የሀ ጭማሪ 10 ነው፤ ከምን ላይ? ከ40 ላይ። 10 የ40 አንድ አራተኛ ነው፤ 25 በመቶ። የለ ጭማሪ 12 ነው፤ ከምን ላይ? ከ80 ላይ። የ80 አሥር በመቶ 8 ነው፣ አምስት በመቶው 4 ነው፣ ሁለቱ ሲደመሩ 12። ስለዚህ 15 በመቶ። መልሱ ሀ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ይህንኑ አጭር ጥያቄ ነው፤ "ከምን ላይ?" የሚለውን። ፐርሰንት ለብቻው ቁጥር አይደለም፤ ምንጊዜም የአንድ ነገር ፐርሰንት ነው። በዚህ ክፍል የሚጠፉት ነጥቦች አብዛኞቹ የሚጠፉት መነሻው ተለዋውጦ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የቅርንጫፍ ሐ ተቀማጭ በስንት ፐርሰንት ቀነሰ?

ከ60 ወደ 54 ሲወርድ የጎደለው 6 ነው። 6 ከምን ላይ? "ቀነሰ" ሲባል ቀድሞ ከነበረው ማለት ነው፤ ከ60። 6 የ60 አሥር በመቶ ነው። 6ን ለ54 ያካፈለ ሰው ግን 11 ነጥብ 1 ያገኛል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የጥያቄውን አማራጮች ስታዩ 10 በመቶ እንዳለ ሁሉ 11 ነጥብ 1 በመቶም አለ። እንዲያው የተቀመጠ አይደለም። ፈተና አዘጋጆች የተሳሳቱ አማራጮችን ከሐሳባቸው ዝም ብለው አያወጡም። ተፈታኙ የት የት ሊሳሳት እንደሚችል ያስቡና፣ የየስህተቱን ውጤት አስልተው አማራጭ አድርገው ያስቀምጡታል።

ስለዚህ ያገኛችሁት መልስ ከአማራጮቹ መካከል መኖሩ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። "አገኘሁት፣ ይኸው አለ" ብሎ መደሰት በዚህ ፈተና ብዙ ሰው ያሳስታል። ማረጋገጫው ሌላ ነው፤ የጥያቄውን የመጨረሻ ሐረግ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡና መነሻው ያ መሆኑን እዩ። አምስት ሰከንድ ነው የሚወስደው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ የሦስቱ ቅርንጫፎች አጠቃላይ ተቀማጭ በስንት ፐርሰንት አደገ?

እስቲ ለራሳችሁ ሞክሩት። (አጭር ዝምታ) አንድ ሰው እንዲህ ሊያስብ ይችላል፦ ሀ በ25 አደገ፣ ለ በ15 አደገ፣ ሐ በ10 ቀነሰ። 25 ሲደመር 15፣ 40፤ ሲቀነስ 10፣ 30፤ ለሦስት ሲካፈል 10። መልሱ 10 በመቶ ነው ይላል። ስሌቱ አንድም ስህተት የለበትም፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። ለምን ቢባል፣ ሦስቱ ፐርሰንቶች ከሦስት የተለያዩ መነሻዎች ላይ የተሠሉ ናቸው፤ አንዱ ከ40፣ አንዱ ከ80፣ አንዱ ከ60። መነሻቸው የተለያየ ፐርሰንቶችን ደምሮ ማካፈል አይቻልም።

ትክክለኛው መንገድ ወደ ብሩ መመለስ ነው። በ2015 ዓ.ም. 40፣ 80 እና 60 ሲደመሩ 180። በ2016 ዓ.ም. 50፣ 92 እና 54 ሲደመሩ 196። ጭማሪው 16 ነው፤ ከ180 ላይ። የ180 አሥር በመቶ 18 ነው። 16 ከ18 ስለሚያንስ መልሱ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። አማራጮቹ 6 ነጥብ 2፣ 8 ነጥብ 9፣ 10 እና 16 ቢሆኑ፣ 10ም 16ም ወጡ። 6 ነጥብ 2ም ሩቅ ነው፤ የ180 አምስት በመቶ 9 ሲሆን የእኛ 16 ለ18 በጣም ይቀርባል። ስለዚህ 8 ነጥብ 9። እስከ መጨረሻ ሳናካፍል ደረስንበት።

ያለ ካልኩሌተር የሚሠራ ሰው ትልቁ መሣሪያ ይህ ነው። አሥር በመቶ ማግኘት ነጥቡን አንድ ቤት ወደ ግራ መውሰድ ነው፤ አምስት በመቶ የእሱ ግማሽ ነው፤ አንድ በመቶ ደግሞ ሁለት ቤት። በእነዚህ ሦስቱ ማንኛውንም ፐርሰንት መገጣጠም ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ዓይናችሁን ወደ አማራጮቹ ላኩ። አማራጮቹ የተራራቁ ከሆኑ ግምት ይበቃል። ተቀራርበው ከተቀመጡ፣ ለምሳሌ 8 ነጥብ 7፣ 8 ነጥብ 9፣ 9 ነጥብ 1 ከሆኑ፣ ያኔ በወረቀት አካፍሉ። የሚፈለገው ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግራችሁ የአማራጮቹ ርቀት ነው።

አራተኛውና የዚህ ሠንጠረዥ የመጨረሻ ጥያቄ፦ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ደንበኞች ያሉት የትኛው ቅርንጫፍ ነው? አማራጮቹ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ወይም "ከተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም"።

ቅርንጫፍ ለ 92 ሚሊዮን ስላለው ብዙ ደንበኛ ይኖረዋል ብሎ መገመት ይቀናል። ሠንጠረዡ ግን ስለ ደንበኛ ቁጥር አንድም ነገር አልነገረንም። ጥቂት ትልልቅ ነጋዴዎች ብዙ ገንዘብ አስቀምጠው ሊሆን ይችላል። መልሱ "መወሰን አይቻልም" ነው። በተለይ ባንክ ቤት የሠራ ወይም ሒሳብ አያያዝ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የራሱን እውቀት ከሠንጠረዡ ጋር ይቀላቅላል። የሚጠየቀው ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። በሌላ በኩል፣ ስሌቱ ስለረዘመባችሁ ብቻ "መወሰን አይቻልም" ወደሚለው አትሽሹ። መለያው ይህ ነው፦ መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ለራሳችሁ ስም ስጡት። "የደንበኞች ቁጥር" አላችሁ እንበል። ሠንጠረዡ ላይ ከሌለ፣ ካሉት ቁጥሮችም ሊሠላ ካልቻለ፣ ያኔ በእርግጥ መወሰን አይቻልም።

(አጭር የሙዚቃ ማረፊያ)

አሁን ከሠንጠረዡ እንውጣ፤ "ከምን ላይ?" የሚለው ጥያቄ ግን አብሮን ይመጣል። ወደ ኋላ የሚያስኬዱ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ ይኸውና። አንድ የቢሮ ወንበር 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ 4,600 ብር ተሸጠ። ከታክሱ በፊት ዋጋው ስንት ነበር?

አብዛኛው ሰው የ4,600ን 15 በመቶ ያወጣል። አሥር በመቶው 460፣ አምስት በመቶው 230፣ ድምሩ 690። ከ4,600 ሲቀነስ 3,910። ይህም ቁጥር አማራጮቹ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ታክሱ 15 በመቶ የሆነው ከምን ላይ ነው? ከ4,600 ላይ አይደለም፤ ከታክስ በፊት ከነበረው ዋጋ ላይ ነው። ያ ዋጋ መቶ በመቶ ከሆነ፣ 4,600 ብር 115 በመቶ ነው ማለት ነው። 4,600ን ለ115 ብናካፍል 40 ይሆናል፤ ይህ አንድ በመቶው ነው። መቶ በመቶው 4,000 ብር። ለማረጋገጥ ወደፊት ሂዱ፤ የ4,000 አሥራ አምስት በመቶ 600 ነው፣ ሲደመር 4,600። ገጠመ። 3,910ን በዚሁ መንገድ ብትፈትኑት 4,496 ብር ከ50 ሳንቲም ይሰጣችኋል፤ አይገጥምም። ወደ ኋላ የሚጠይቁ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ጥሩ ጠባይ አላቸው፤ መልሱን ወደፊት አስኪዶ ማረጋገጥ ይቻላል። ጊዜ ካጠራችሁ ደግሞ አማራጮቹን እራሳቸውን ወደፊት እየሞከራችሁ የሚገጥመውን መያዝ ትችላላችሁ።

ሌላው ማምታቻ "ፐርሰንት" እና "የፐርሰንት ነጥብ" ናቸው። ለዚህ በአገራችን የሆነ ምሳሌ አለ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ጭማሪው ስንት ነው? በነጥብ ከተጠየቃችሁ 2 ነው፤ 7 ሲቀነስ 5። በፐርሰንት ከተጠየቃችሁ ግን 2 ከ5 ላይ ነው፤ 40 በመቶ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚለያዩት በተጠየቀው ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ራሱ በፐርሰንት የተሞላ ሲሆን ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርምና፣ "ነጥብ" የሚለውን ቃል ስታዩ ከሥሩ አስምሩበት።

በዚያው ጊዜ የብር ምንዛሪም ተለውጦ ነበር። አንድ ዶላር ከ23 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ሳንቲም ገደማ ወጣ። ልዩነቱ 3 ብር ከ50 ነው። ከ23 ብር ከ40 ላይ ሲታይ ዶላር በ15 በመቶ ገደማ ተወደደ። በወቅቱ ሲነገር የነበረውም 15 በመቶ የሚለው ነው። ብር በዶላር ያለው ዋጋ በስንት ወረደ ተብሎ ቢጠየቅስ? በፊት በ26 ብር ከ90 አንድ ዶላር ከ15 ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ አሁን አንድ ዶላር ብቻ። 15 ሳንቲም ከአንድ ዶላር ከ15 ላይ ጎደለ፤ 13 በመቶ ነው። አንዱ ለውጥ፣ በሁለት አቅጣጫ ሲታይ ሁለት ፐርሰንት ሆነ። በ25 በመቶ የጨመረ ዋጋ ወደ ነበረበት ለመመለስ 20 በመቶ ብቻ መቀነስ የሚበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጭማሪው የተሠላው ከትንሹ ቁጥር ላይ፣ ቅናሹ ደግሞ ከትልቁ ላይ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማረፊያ)

ወደ ጊዜው እንምጣ። ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ ቀላል ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሳችሁ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ እያንዳንዱም ጥያቄ እኩል ነጥብ አለው። 40 ጥያቄ በ40 ደቂቃ ተሰጣችሁ እንበል። አንድ ከባድ ጥያቄ ላይ አምስት ደቂቃ ብትቆዩና ብታገኙት እንኳ ያተረፋችሁት አንድ ነጥብ ነው። በዚያ ጊዜ መጨረሻ ገጽ ላይ ያሉ አራት ቀላል ጥያቄዎች ሳይነበቡ ቀሩ። የምትወዳደሩት ከመቶ ምን ያህል እንዳገኛችሁ ሳይሆን ከሌሎቹ ተፈታኞች ጋር በመሆኑ፣ እነዚያ አራት ነጥቦች በተራው ወደ ታች ብዙ ቦታ ያወርዷችኋል።

ስለዚህ ወረቀቱን ሁለት ዙር እለፉት። በመጀመሪያው ዙር መንገዱ ወዲያው የታያችሁን ብቻ ሥሩ። ጥያቄውን አንብባችሁ ከየት እንደሚጀመር በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካልታያችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። በሁለተኛው ዙር ተመለሱበት። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። በወረቀት ፈተና ጥያቄ ስትዘሉ የመልስ ወረቀቱም ላይ መዝለል አለባችሁ። የ14ኛውን መልስ በ13ኛው ቦታ ያጠቆረ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፍበታል። በየአምስት ጥያቄው የጥያቄውን ቁጥርና የመልስ ወረቀቱን ቁጥር አስተያዩ። በኮምፒውተር የሚሰጡ አንዳንድ ፈተናዎች ደግሞ ካለፋችሁ በኋላ መመለስ አይፈቅዱም፤ ያኔ ሁለት ዙር የሚባል ነገር የለም። በመግቢያው ገጽ ላይ ያለውን መመሪያ ሳታነቡ "ጀምር" የሚለውን አትጫኑ።

ስለ መገመትም አንድ ነገር ልበል። መመሪያው ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም ካለ፣ ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም። የመጨረሻዋን ደቂቃ ባዶዎቹን ለማጥቆር አስቀሯት። ለእያንዳንዱ ስህተት የነጥብ አንድ ሦስተኛ ይቀነሳል ካለ፣ አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ በጭፍን መገመት አያተርፍም፣ አያከስርምም። ከአራት ግምት በአማካይ አንዱ ይገባል፣ ሦስቱ ስህተት አንድ ነጥብ ይወስዳሉ፤ ዜሮ። ነገር ግን አንዱን አማራጭ ብቻ እንኳ በእርግጠኝነት መጣል ከቻላችሁ መገመቱ ወደ ትርፍ ያደላል። ቅድም 10 በመቶንና 16 በመቶን በአንድ ዓይነት ግምት እንደጣልናቸው ማለት ነው።

ዝግጅቱስ እንዴት ይሁን? አራት ሳምንት አላችሁ እንበል። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ሰዓት ሥሩ። በየቀኑ አሥር ጥያቄ ይበቃል፤ ግን እያንዳንዱን ከመሥራታችሁ በፊት "ከምን ላይ?" የሚለውን መልስ በጽሑፍ አስፍሩ። "ከ2015 ተቀማጭ ላይ"፣ "ከጠቅላላ ሠራተኛ ላይ" እያላችሁ። አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ልማዱ የሚገባው እንዲህ ነው።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የስህተት ደብተር ያዙ። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ትክክለኛ መልስ መጻፍ ብቻውን አይጠቅምም፤ የተሳሳታችሁበትን ምክንያት ጻፉ። ምክንያቶቹ ሲጠቃለሉ አራት ናቸው። አንደኛ፣ ጥያቄውን ወይም ሠንጠረዡን በደንብ አላነበብኩም፤ ዓመቱን ወይም "በሚሊዮን" የሚለውን አላየሁም። ሁለተኛ፣ መነሻውን ሳትኩ። ሦስተኛ፣ መንገዱ ልክ ነበር፣ ማካፈሉ ላይ ተሳሳትኩ። አራተኛ፣ ጊዜ አለቀብኝ። ከሃምሳ ጥያቄ በኋላ ደብተሩን ስትቆጥሩ የትኛው እንደሚበዛ ይታያል። ስሌት ከሆነ የማባዣ ሠንጠረዥና አሥር በመቶን ማውጣት ላይ ሥሩ። ንባብ ከሆነ ግን ተጨማሪ ሒሳብ ብትሠሩ ምንም አይለወጥም፤ ቁጥሮቹን ከመንካታችሁ በፊት የሠንጠረዡን ርዕስ፣ መለኪያና የግርጌ ማስታወሻ ማየትን መልመድ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሰዓት ጨምሩ፤ ሃያ ጥያቄ በሃያ ደቂቃ። መጀመሪያ ውጤታችሁ ይወርዳል። ያ የሚጠበቅ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሙከራ ይመለሳል። በአራተኛው ሳምንት ሙሉ ፈተና ሁለት ሦስት ጊዜ ሥሩ፤ በእርሳስ፣ በመልስ ወረቀት፣ በፈተናው ሰዓት። ከዚያ በላይ መደጋገም የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ልምምድ በጣም የሚጠቅመው ዓይነቱን እስክትለምዱት ድረስ ነው። ባለፈው ዓመት የወጡ ጥያቄዎች ናቸው ተብለው በቴሌግራም የሚዞሩ ወረቀቶች ለልምምድ ይሆናሉ፤ መልሳቸውን መሸምደድ ግን ይጎዳል። ቁጥሩ ወይም "ጨመረ" የሚለው ወደ "ቀነሰ" ሲለወጥ የተሸመደደው መልስ ስህተት ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ አብሯቸው የሚመጣው መልስም ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማረፊያ)

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ልስጣችሁና አብረን እንዝጋ። አንድ ኩባንያ 200 ሠራተኞች ነበሩት፤ 40 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው። ኩባንያው 50 አዳዲስ ሠራተኞች ቀጠረ፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው። አሁን የሴቶች ድርሻ ስንት ፐርሰንት ነው? አማራጮቹ፦ ሀ 90፣ ለ 65፣ ሐ 62 ነጥብ 5፣ መ 52። ጻፉና ሥሩ።

(የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ)

መልሱ መ፣ 52 በመቶ ነው። የ200 አርባ በመቶ 80 ሴቶች ነው። 50 ሲጨመር 130። የተጠየቀው ድርሻ "አሁን" ነው፤ አሁን ያለው ጠቅላላ ሠራተኛ 250 ነው። 130 ከ250 ላይ፣ 52 በመቶ።

ሌላ ያጠቆራችሁ ካላችሁ፣ አማራጩ ራሱ ስህተታችሁን ይነግራችኋል። 90 ያላችሁ 40 ፐርሰንትን ከ50 ሰው ጋር ደመራችሁ። 65 ያላችሁ 130ን በድሮው 200 አካፈላችሁ፤ አዲሶቹ ከላይ ተቆጥረው ከታች ተረሱ። 62 ነጥብ 5 ያላችሁ 50ን ለ80 አካፈላችሁ፤ እሱ የሴቶች ቁጥር ያደገበት እንጂ ያላቸው ድርሻ አይደለም። የትኛው እንደሆነ በስህተት ደብተራችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉትና የነገዎቹን አሥር ጥያቄዎች ከዚያው ዓይነት ምረጡ።

በሚቀጥለው ዝግጅት የቁጥር ተከታታዮችን እናያለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)